የእማዬ የመድኃኒት ፌስታል

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ከእናቴ ክፍል ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ደግነቱ የወደቀው ወንበሩ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። መድኃኒቴን ልውጥ ብዬ ብድግ ስል አዞረኝ።»

«በዚህ ሌሊት የምን መድኃኒት ነው?»

«የስኳሩ ነዋ! 8 ሰዓት ላይ ይላል።»

ሰዓቴን አየሁ፤ በእርግጥም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳነብ በእንግሊዝኛ 8 ኤኤም እና 8 ፒኤም ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። እናቴ ግን ቀን 8 ሰዓት ላይ አንዱን ውጣ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ በባዶ ሆዷ ሌላውን ለመዋጥ ስትነሳ ወራት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት የሚያቅለሸልሻትን በእርጅና ነበር የምናሳብበው። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ምኑን ልንገርሽ? የታዘዝኩትን እኮ ነው የማደርገው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ግፊትና ስኳር አለባት፤ ጉልበቷንም ያማታል። መድኃኒቶቿን የምታስቀምጠው አንድ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ሲሆን የምትለያቸውም በመልካቸው ነው፤ «ነጯ የግፊት፣ ሮዟ የኮሌስትሮል» እያለች። ይህ ዘዴ የሚሠራው ፋርማሲው ሁልጊዜ የአንድ ፋብሪካ ምርት እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ያው መድኃኒት ከሌላ ፋብሪካ ከመጣ ነጩ ቢጫ፣ ክቡ ሞላላ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ጉዳዩን ስትሰማ የኪኒን መደርደሪያ ሳጥን ላከችልን። በሳምንቱ ሰባት ቀናት የተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ቀን የጠዋትና የማታ ጉድጓድ ያለው፣ በድምሩ 14 ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። እኔም ያን ዕለት ማታ ልሞላው ተቀመጥኩ። መሙላት ግን አልቻልኩም፤ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ስገለብጠው የትኛው ለምን እንደሆነ የማላውቃቸው ነገሮች ወጡ። በማግሥቱ ሁሉንም ይዤ ወደ ሰፈራችን ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ሳጥኑን አየችና «ይሄ የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ዝርዝሩን እንሥራ» አለችኝ። «የተሳሳተ ዝርዝር ሳጥን ውስጥ ብትደረድሪው ስሕተቱን በየቀኑ በሰዓቱ መስጠት ነው የሚሆነው።»

የዛሬው ጽሑፌ ከእሷ የተማርኩት ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ዝርዝሩ

ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቡ። ፌስታሉ ብቻውን አይበቃም። ቦርሳ ውስጥ፣ ትራስጌ፣ ፍሪጅ ውስጥና ቡፌ ላይ ያለውን ሁሉ አምጡ። ዘመድ ከውጭ የላከው ቫይታሚን፣ ጎረቤት «ለእኔ ተስማምቶኛል» ብላ የሰጠችው ማስታገሻ፣ ለሆድ የሚጠጣ የባህል መድኃኒትም ይቆጠራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አምስት ነገር ጻፉ። ትክክለኛ ስሙን፣ መጠኑን በሚሊግራም፣ ለምን በሽታ እንደሆነ፣ ማን መቼ እንዳዘዘው፣ እና ወላጃችሁ በእርግጥ እንዴት እየወሰዱት እንደሆነ። የመጨረሻውን ማሸጊያው አይነግራችሁም፤ ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት።

ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንዱ የንጥረ ነገሩ ስም ሲሆን ሌላው ፋብሪካው የሚሰጠው የንግድ ስም ነው። ማሸጊያው ላይ የንግድ ስሙ በትልቁ፣ የንጥረ ነገሩ ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል። በዝርዝራችሁ ላይ መስፈር ያለበት ያ ትንሹ ነው።

የእናቴ ዝርዝር ዘጠኝ መስመር ሆነ። ለግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊግራምና ኤናላፕሪል 10 ሚሊግራም፤ ለስኳር ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም፤ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም። እነዚህን ያዘዘላት ክትትል የምታደርግበት ሆስፒታል ነው። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም፤ ይህንን ራሷ ከፋርማሲ ነው የምትገዛው። ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም። እግሯ አብጦ የሄደችበት ሌላ ክሊኒክ ያዘዘላት ፉሮሰማይድ 40 ሚሊግራም፣ ብዙዎቻችን ላሲክስ የምንለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት። እህቴ «ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው» ብላ የላከችው ኖርቫስክ 5 ሚሊግራም። ዘጠነኛው በወረቀት ፖስታ ውስጥ ያለ ስም የሌለው ነጭ ፍሬ ነበር። ምን እንደሆነ ማንም ስላላወቀ ፋርማሲስቷ ለይታ አስቀመጠችው። ስሙ ያልታወቀ ኪኒን አይዋጥም።

ከዚያ ጣቷን ሁለት መስመሮች ላይ አደረገች። «ኖርቫስክ እኮ አምሎዲፒን ነው። አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም እየወሰዱ ነው።»

ቀጥሎ ክለሳው

ዝርዝሩን ይዘን እናቴ ክትትል ወደምታደርግበት ሐኪም ሄድን። ፌስታሉንም ይዘን ነበር። ሐኪሙ ዝርዝሩን አንብበው እግሯን ጫን ጫን አድርገው ዳሰሱ። ልቧንና ሳንባዋን አዳመጡ፤ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራም አዘዙ። የእግር እብጠት ከልብ ወይም ከኩላሊት ሊመጣ ስለሚችል ያንን ሳያጣሩ መድኃኒት ላይ ማሳበብ አይገባም። ውጤቱ ደህና ሲሆን ታሪኩን እንደ ክር ጎትተው ፈቱልን።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ መጠኑ ሲጨምርም የማሳበጥ ዕድሉ ይጨምራል። የእናቴ እግር ማበጥ የጀመረው የእህቴ ስጦታ ከመጣ በኋላ ነበር። በቀን 10 ሚሊግራም ለአምሎዲፒን ያልተለመደ መጠን አይደለም፤ ችግሩ ያን ያህል እየወሰደች መሆኑን ማንም አለማወቁ ነው። ክሊኒኩ ያየው እብጠቱን ብቻ ስለሆነ ውኃ የሚያስወጣ ፉሮሰማይድ አዘዘ። እሷ ደግሞ ፉሮሰማይዱን ማታ ነበር የምትውጠው። ስለዚህ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፤ ግፊቷም ዝቅ ስለሚል ብድግ ስትል ያዞራታል። የወንበሩ መውደቅ የመጣው ከዚህ ነው። የአንዱ መድኃኒት ጠባይ እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት አስከተለ ማለት ነው።

በዲክሎፌናኩም እንዲሁ ነው። ጨጓራን ያቃጥላል፤ ኦሜፕራዞሉ የመጣው በእሱ ምክንያት ነበር። ከዚያም በላይ ዲክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋል። እንደ ኤናላፕሪል ካለ መድኃኒትና እንደ ፉሮሰማይድ ካለ የሚያሸና መድኃኒት ጋር አብሮ ሲወሰድ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙን ይበልጥ ያሳሰባቸው ይህ የሦስቱ መገጣጠም ነበር።

ያን ዕለት ኖርቫስኩና ዲክሎፌናኩ ቆሙ። ለጉልበቷ ፓራሲታሞል፣ ሲያማት ብቻ፣ በተጻፈላት መጠን። ፉሮሰማይዱ ወደ ጠዋት ተዛወረ። ለሁለት ሳምንት ግፊቷን ጠዋትና ማታ ቤት እየለካን እንድንጽፍ ተነገረን። በሁለተኛው ቀጠሮ እብጠቱ ቀንሶ፣ ግፊቷም ረግቶ ስለተገኘ ፉሮሰማይዱም ቆመ። ኦሜፕራዞሉ ጨጓራዋ እስኪያገግም ለጥቂት ጊዜ እንዲቀጥል ተወሰነ። ሐኪሙ ሁሉንም በአንድ ቀን ያላቋረጡት ለውጥ ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ ለማወቅ ነው።

አደራ የምለው ግን ይህ የእናቴ ታሪክ ነው። እግሩ ያበጠ ሁሉ በአምሎዲፒን አይደለም፤ የልብ ድካም ላለበት ሰው ፉሮሰማይድ ሕይወቱን የያዘለት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ከዝርዝሩ ላይ የምትጠረጥሩትን ወስዳችሁ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። እኛ በየመስመሩ የጠየቅነው ሦስት ጥያቄ ነበር። ይህ ለምንድን ነው? ዛሬም ያስፈልጋታል? አዲስ የመጣባት ሕመም ከእነዚህ ከአንዱ ሊመጣ ይችላል?

አሁን የሰዓት ሠሌዳው

ከክለሳው በኋላ የቀረውን በአንድ ገጽ በትልቅ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦

ስትነሺ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት፦ ኦሜፕራዞል 1 (ከራሱ ማሸጊያ)
ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር፦ አምሎዲፒን 1፣ ኤናላፕሪል 1፣ ሜትፎርሚን 1
ማታ 2 ሰዓት፣ ከእራት ጋር፦ ኤናላፕሪል 1፣ ሜትፎርሚን 1፣ አቶርቫስታቲን 1

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «ጠዋት» እና «ማታ» የሚለው ቃልም ሁልጊዜ አብሮት አለ። ይበልጥ የጠቀመን ግን ሰዓቱን ከምግብ ጋር ማሰራችን ነው። ሰዓት ይረሳል፤ ቁርስና እራት አይረሳም። እኔ ሥራ ስሆን ቤት የምትውለው አጋዣችን ስለሆነች ከእሷም ጋር አብረን አነበብነው። አንዱ ቅጂ ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ፤ ሁለተኛው እናቴ ቦርሳ ውስጥ ገባ፤ ሦስተኛው የእኔና የእህቴ ስልክ ላይ በፎቶ አለ። ከላዩ ላይ የተጻፈበት ቀን አለው። አዲስ ሲጻፍ አሮጌው ይቀደዳል፤ ሁለት ሠሌዳ ያለበት ቤት ሠሌዳ እንደሌለው ነው።

በመጨረሻ ሳጥኑ

ከአሜሪካ የመጣው ሳጥን ላይ የቀናቱ ስም በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነበር። ኤስ ቅዳሜም እሑድም ነው፤ ቲ ማክሰኞም ሐሙስም ነው። ለእናቴ ይህ ምንም አይነግራትም። ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር ሰኞ፣ ማክሰኞ ብዬ ጻፍኩበት። የማታው ረድፍ ላይ ጨረቃ ሣልኩ። እንዲህ ያለ ሳጥን ካላገኛችሁ 14 ትናንሽ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ጽፋችሁባቸው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

የምንሞላው እሑድ ከሰዓት፣ ቡናው ከመቅረቡ በፊት፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነው። እጅ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። በየቀኑ ሦስት ሦስት ዓይነት ለመክተት መሞከር ያሳስታል፤ አንዱን መድኃኒት አንስታችሁ ለሰባቱም ቀን ጨርሱት፣ ማሸጊያውን ወደ ግራ አኑሩት፣ ከዚያ ሁለተኛውን አንሡ። ሲያልቅ ቁጠሩ። በእናቴ ሳጥን እያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ፍሬ አለው፤ 14 ጉድጓድ በሦስት 42 ፍሬ። አርባ አንድ ከሆነ የጎደለውን እንፈልጋለን እንጂ ክዳኑን አንዘጋም።

ሳጥን የማይገባ መድኃኒትም አለ። ምላስ ሥር የሚደረግ የልብ መድኃኒት ከራሱ ጠርሙስ አይወጣም። ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኪኒንና ኢንሱሊንም እንዲሁ። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ለብቻው ቢቀመጥና ቀኑ ሠሌዳው ላይ ቢጻፍ ይሻላል። ኪኒኖችን ከነማሸጊያቸው በመቀስ እየቆረጡ ሳጥን ውስጥ መክተት አደገኛ ነው፤ የማየት ችግር ያለበት ሰው ከነፕላስቲኩ ሊውጠው፣ ጠርዙም ጉሮሮውን ሊቆርጠው ይችላል። ከማሸጊያው ከወጣ ሊበላሽ የሚችል መኖሩንም ፋርማሲስት ጠይቁ። እርጥበት ስለሚጎዳቸው ከአንድ ሳምንት በላይ አትሙሉ፤ ሳጥኑንም መታጠቢያ ቤት ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የሳጥኑ ክዳን ለሕፃንም በቀላሉ ይከፈታል። የአያት የስኳርና የግፊት ኪኒን ለአንድ ሕፃን በጣም አደገኛ ነው፤ በጥቂት ፍሬም ቢሆን። የወንድሜ ልጆች ሊጠይቋት የሚመጡ ቀን ሳጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል።

እሑድ ስንሞላ ክምችቱንም አብረን እናያለን። ኤናላፕሪል በሳምንት 14 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ለ30 ቀን የሚሰጠን 60 ነው። ሦስተኛውን እሑድ ሞልተን ስንጨርስ 18 ይቀራል፤ ይህ ለአንድ ሳምንት ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም። ስለዚህ የመግዣችን ቀን ያ ነው። መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ለመዞር አንድ ሳምንት አለን ማለት ነው። አዲሱ ሲመጣ መልኩ ከተቀየረ ለእማዬ አሳያታለሁ፤ ስሙንም አብረን እናነባለን።

ሳጥኑ ሲናገር

ሁለት ወር ያህል እንደቆየን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እሑድ ሳጥኑን ስከፍት የረቡዕና የዓርብ ጠዋት ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ አይነኩም። ሌላው ቀን ሁሉ ባዶ ነው። ልቆጣ ቃጣኝ፤ ከዚያ ቀኖቹን አሰብኳቸው። እማዬ ትጾማለች። ቁርስ ከሌለ «ከቁርስ ጋር» የሚለውም የለም። ጠዋቱን ዘልላ ማታ ትቀጥላለች፤ ለሐኪሙም ለእኔም አልተናገረችም፤ ሐኪሙ ጹሚ ወይም አትጹሚ እንዳይሏት ፈርታ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህንን ጥያቄ ይዘን ሄድን። ሐኪሙ ለእሷ መድኃኒቶች መፍትሔ አላጡም። በጾም ቀን የጠዋቱን ሦስቱንም ከመጀመሪያው ምግቧ ጋር፣ እሱም ከቀኑ 6 ሰዓት እንዳያልፍ፤ የማታውን ደግሞ ወደ 3 ሰዓት ገፋ አድርጋ። የንስሐ አባቷም እስከ 6 ሰዓት ይበቃሻል ስላሏት ልቧ ዐረፈ። ሠሌዳችን ላይ አሁን «ረቡዕና ዓርብ» የሚል መስመር አለ።

ይህ መልስ ግን ለሁሉም አይሆንም። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘል ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ስጡ፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሠሌዳውን ይዞ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። በሌላ ቀንም ኪኒን ከተረሳ ለማካካስ ሁለት በአንዴ አይዋጥም፤ ስለ እያንዳንዱ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ከሠሌዳው ጀርባ ጻፉት።

ክለሳውን አሁን በየስድስት ወሩ እናደርጋለን። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ፣ ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ወይም ስትወድቅ ግን ስድስት ወር አንጠብቅም። እህቴም ከዚያ ወዲህ ኪኒን መላክ ትታ የግፊት መለኪያ ላከች።

እማዬ መጀመሪያ ሳጥኑን ስታይ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብላኝ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ የምትቆጥረው እሷ ናት። እኔ እሞላለሁ፤ እሷ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። ባለፈው እሑድ አርባ አንድ አለችኝ። የጎደለችው አቶርቫስታቲን ሶፋው ሥር ተገኘች።